የፎርማኑን ጩኸት ወደ ማስታወቂያ መቀየር፦ ከማራገፊያ በር ምሳሌ ጋር

መጋዘን ውስጥ መኪና የሚራገፍበት በር አጠገብ ትንሽ ብትቆሙ የምትሰሙት ይህን የመሰለ ነው፦

«ታኮ! ታኮውስ የት አለ?»
«ሳልላችሁ አትግቡ አላልኩም?»
«ቁልፉን ተቀበለው እንጂ!»
«ቀስ! ቀስ በል አንተ!»
«ከኋላው ውጣ!»
«በቃ፣ ሂድ! ሂድ!»

ታኮ መኪናው እንዳይንቀሳቀስ ጎማው ሥር የሚገባው ሽብልቅ ነው። ፎርማኑ ዝም ብሎ አይጮህም። እያንዳንዱ ጩኸት ምክንያት አለው። ችግሩ ጩኸቱ የሚሠራው እሱ እዚያ ቆሞ እያየ ሳለ ብቻ መሆኑ ነው። «ቀስ» ሲል ለማን እንዳለ በጣቱ ያሳያል። ምን አይቶ እንዳለ ደግሞ እሱ ራሱ ያውቃል። ወረቀት ጣት የለውም። ስለዚህ ጩኸቱን እንዳለ ገልብጦ ቁጥር መስጠት ብቻውን አይበቃም። እንዲህ የተሠራ ማስታወቂያ አይታችሁ ይሆናል፦ «1. ጥንቃቄ ይደረግ። 2. ቀስ ብሎ መንዳት። 3. ታኮ መደረግ አለበት።» ሠራተኛው አንብቦ ይስማማል፣ ከዚያ እንደ ትናንቱ ይሠራል። ምን እንደሚያደርግ ማንም አልነገረውማ።

እዚህ አንድ ሥራ ብቻ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን፦ ፎርክሊፍት ጭነት መኪና ውስጥ ገብቶ ከማራገፉ በፊት ያለውን ዝግጅት። ይህን የመረጥኩት ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ሰው የሚሞትበት ሥራ ስለሆነ ነው። ደግሞም የተለያዩ ሰዎች ይነካኩታል፤ ከእነሱም አንዱ፣ ማለትም ሹፌሩ፣ ለመጋዘኑ እንግዳ ነው።

አደጋውን መጀመሪያ እወቁት

መኪናው ወደ መጋዘኑ ማራገፊያ መድረክ ኋላውን ሰጥቶ ይቆማል። በመድረኩና በመኪናው ወለል መካከል የመሸጋገሪያ ብረት ይዘረጋል። ፎርክሊፍቱ በዚያ ላይ ይገባል፣ ይወጣል። ገብቶ ፍሬን በያዘ ቁጥር መኪናውን በትንሹ ወደ ፊት ይገፋዋል። አንዴ ቢሆን ምንም አይደለም። ሲደጋገም ግን የብረቱ ጫፍ ከመኪናው ወለል ላይ ጣት በጣት እየተንሸራተተ ይወጣል። በመጨረሻ ብረቱ ይወድቃል፣ ፎርክሊፍቱም ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። 2.5 ቶን የሚያነሳ ፎርክሊፍት ራሱ ወደ 4 ቶን ገደማ እንደሚመዝን አትርሱ።

ሁለተኛው አደጋ ፈጣን ነው። ሹፌሩ ሥራው ያለቀ ይመስለውና ፎርክሊፍቱ ውስጥ እያለ መኪናውን ያንቀሳቅሳል። አንድ ሰው ለሌላ መኪና «ሂድ!» ሲል ሰምቶ ሊሆን ይችላል።

ከላይ ያሉት ጩኸቶች አብዛኞቹ በእነዚህ በሁለቱ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው። ይህን ሳያውቅ የሚጽፍ ሰው ታኮውንና «ቀስ»ን እኩል ያስቀምጣቸዋል።

1ኛ፦ ጩኸቱን እንደተባለ ጻፉት

ደብተር ይዛችሁ በሩ አጠገብ፣ ከመንገድ ወጣ ብላችሁ ቁሙ። ቢያንስ አንድ መኪና ከመግባቱ ጀምሮ እስኪወጣ ድረስ ተከታተሉ። ፎርማኑ የተናገረውን ቃል በቃል ጻፉ፤ አታሳምሩት። ከጎኑ ሁለት ነገር ጨምሩ፦ ለማን ነው የተባለው? የተባለው ሰው ከሰማ በኋላ ምን አደረገ?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ያሳያል። «ከኋላው ውጣ!» ሲባል ሦስት ሰዎች ቀና ብለው ካዩና አንዱ ብቻ ከተንቀሳቀሰ፣ ትእዛዙ ባለቤት አልነበረውም ማለት ነው። ማስታወቂያው ላይ ባለቤቱ በስም ሳይሆን በሥራ ድርሻው መጻፍ አለበት።

ስድቡንና ቁጣውን መጻፍ አያስፈልግም። ፎርማኑ ደብተሩን ካየና ክስ ከመሰለው ሌላ ቀን አያናግራችሁም።

2ኛ፦ «ምን አይተው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ

የሥራው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ፎርማኑን ሥራ ላይ እያለ አትጠይቁት። ፈረቃው ካለቀ በኋላ፣ በሩ አጠገብ እንደቆማችሁ ጠይቁት። ቢሮ ውስጥ ከጠየቃችሁት «ዋናው ጥንቃቄ ነው» ይላችኋል። በሩ ላይ ግን እጁ ይናገራል።

«ለምን እንዲህ አሉ?» የሚለው ጥያቄ ሰውን ወደ መከላከል ይገፋል። «ያኔ ምን አይተው ነው?» ግን ነገሩን ያወጣዋል። ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«አለቃ፣ ጠዋት የፎርክሊፍቱን ነጂ ‹ቀስ በል› ሲሉት ምን አይተው ነው?»
«ብረቱ ጮኸ። ድምፁን አልሰማህም?»
«ሰማሁ። ግን ሁልጊዜ የሚጮህ መስሎኝ።»
«ሲያዝ እንዲያ አይጮህም። መኪናው ሸሽቷል። ብረቱ ጫፉ ላይ ቀርቷል።»
«መሸሹን በምን ያውቃሉ?»
«ይህን ያህል መግባት አለበት» ይልና መዳፉን በብረቱ ጫፍ ላይ ያጋድማል። «ከዚህ ካነሰ እኔ አላስገባም።»

እዩት እንግዲህ። «ቀስ» የፍጥነት ጉዳይ አልነበረም። መኪናው ከመድረኩ ርቋል ማለት ነበር። ነጂው ግን የሰማው ፍጥነት ቀንስ የሚል ነው፤ ስለዚህ ፍጥነቱን ቀንሶ ሊወድቅ በተቃረበ ብረት ላይ አለፈ። ትክክለኛው ትእዛዝ «ቁም፣ ታኮው ይታይ» ነው። ጩኸቱን ብቻ ጽፋችሁ ቢሆን ኖሮ ማስታወቂያው ላይ «ቀስ ብለው ይንዱ» ይሰፍር ነበር፤ አደጋው ግን እዚያው ይቀር ነበር።

ፎርማኑ በመዳፉ የለካውን ሁሉም ሰው ሊያየው ወደሚችል ምልክት ቀይሩት። ብረቱ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል በመኪናው ወለል ላይ እንዲያርፍ ማድረግ የተለመደ ነው፤ የብረቱ አምራች የበለጠ ካዘዘ የእሱ ይበልጣል። ነገር ግን ማንም በሥራ መሀል ሜትር አያወጣም። ከብረቱ ጫፍ ያን ያህል ገባ ብላችሁ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቢጫ መስመር ቀቡ። አሁን ትእዛዙ በዓይን የሚመለስ ጥያቄ ሆነ፦ ቢጫው መስመር ከመኪናው ወለል በላይ ነው ወይስ ክፍተቱ ላይ ነው?

«ራቅ በል» የሚለውም እንደዚያው ነው። ምን ያህል ራቅ? «2 ሜትር» ብላችሁ ብትጽፉ ሁሉም የየራሱ 2 ሜትር አለው። ወለሉ ላይ መስመር ይሰመርና «ከመስመሩ ጀርባ» ይባል። «ቀስ» የሚለው እውነትም ስለ ፍጥነት ከሆነ ደግሞ «በሰው እርምጃ ፍጥነት» በሉት።

3ኛ፦ ጩኸቶቹን ለዩ

ደብተራችሁ ላይ ያለውን በሦስት ክፈሉት።

የመጀመሪያው በተራ የሚሠራ ነገር ነው፦ ቁልፍ መቀበል፣ ታኮ ማስገባት፣ ብረት መዘርጋት። ቁጥር የሚሰጠው ለዚህ ብቻ ነው። ቁጥር ሲያይ ሠራተኛው «ይህ ከዚያ ቀጥሎ ነው» ብሎ ይገምታል። እውነት ተራ ከሌለው ቁጥር አትስጡት።

ሁለተኛው ክልከላ ነው፦ «ሳልላችሁ አትግቡ»። ክልከላ ተራ የለውም። ብዙ ማስታወቂያዎች የሚበላሹት «4. አይግቡ» ሲሉ ነው። ማን ነው የማይገባው? እስከ መቼ? ክልከላውን ከሚያበቃበት ሁኔታ ጋር እሰሩት፦ «አረንጓዴው ካርድ በሩ ላይ እስኪሰቀል ድረስ አይግቡ።» ፎርማኑ «ሳልላችሁ» ሲል የነበረው እሱ ራሱ አረንጓዴ ካርድ ስለነበር ነው። እሱ ሽንት ቤት ሲሄድ ካርዱ አብሮት ይሄድ ነበር።

ሦስተኛው የድንገተኛ ጩኸት ነው፦ «ከኋላው ውጣ!» ይህ ጩኸት ሆኖ ይቅር። ወረቀት ሰው ከመረገጥ አያድንም። ሆኖም አንድ ነገር አድርጉ፦ ለድንገተኛ አንድ ቃል ብቻ ምረጡ፤ «ቁም!» ይበቃል። ይህን ቃል አዲስ የገባ ጫኝና አውራጅም ቢሆን መጮህ ይችላል፤ የሰማ ነጂ ሁሉ ይቆማል። ለሌላ ነገር ግን ማንም አይጠቀምበት። ፎርማኑ ሰው ለማነጋገር «ቁም እስቲ!» የሚል ከሆነ ይህን ልማድ መተው ይኖርበታል። ከሁሉ የሚከብደው ምናልባት ይህ ነው።

4ኛ፦ ጻፉት

ስለ አጻጻፉ የምለው ጥቂት ነው፤ ግን እያንዳንዱ ለውጥ አለው።

«መደረግ አለበት» አትበሉ። «ታኮ መደረግ አለበት» የሚለውን ሹፌሩ ሲያነብ ለመጋዘኑ ሰው የተጻፈ ይመስለዋል፤ የመጋዘኑ ሰው ደግሞ ለሹፌሩ። ሁለቱም ቆመው ይተያያሉ። ሠሪውን ከፊት ጻፉ፣ ከዚያ ግሡን ቀጥታ አድርጉት፦ «ሹፌር፦ ሞተሩን ያጥፉ።» በአክብሮት መጻፉ ወንድም ሴትም ስለሚያካትት «አጥፋ/አጥፊ» እያሉ ከመሰንጠቅ ያድናል።

በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ረጅም ዓረፍተ ነገር አንባቢውን ያንገላታዋል። «መኪናው መድረኩን ነክቶ ከቆመና ሹፌሩ ከወረደ በኋላ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት በሁለቱም በኩል ታኮ...» እስከዚህ አንብቦ ሠራተኛው ታኮውን ያስገባ፣ ያንሳ፣ ወይስ ይፈትሽ ገና አላወቀም። አንድ ቁጥር፣ አንድ ድርጊት። ከ10 ቃላት ሲበልጥ ተጠራጠሩ።

ማስጠንቀቂያው ከድርጊቱ በፊት ይምጣ። መጨረሻ ላይ «ማሳሰቢያ» ተብሎ የሚጻፈውን ሰው የሚያነበው ነገሩን ካደረገ በኋላ ነው።

እና «ካልሆነስ?» የሚለውን አትተዉ። ታኮው ተሰብሮ ከሆነስ? ማስታወቂያው ዝም ካለ ሠራተኛው ድንጋይ ፈልጎ ያስገባል።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ ስታደርጉት እንዲህ ይሆናል፦

> ፎርክሊፍት መኪና ውስጥ ከመግባቱ በፊት
>
> አደጋ፦ መኪናው ከመድረኩ ከራቀ ፎርክሊፍቱ ክፍተቱ ውስጥ ይወድቃል።
>
> 1. ሹፌር፦ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ።
> 2. ሹፌር፦ ሞተሩን ያጥፉ።
> 3. ሹፌር፦ ቁልፉን ለበር ተቆጣጣሪው ይስጡ። ከመስመሩ ጀርባ ይቆዩ።
> 4. ተቆጣጣሪ፦ ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ ይቆልፉ።
> 5. ተቆጣጣሪ፦ በግራና በቀኝ የኋላ ጎማዎች ፊት ታኮ ያስገቡ። ታኮው ጎማውን ይንካ። *ታኮ ከሌለ ወይም ከተሰበረ ሥራው ይቁም፤ ለፎርማኑ ይንገሩ።*
> 6. ተቆጣጣሪ፦ የመኪናውን ወለል ይመልከቱ። *ቀዳዳ ወይም የተሰበረ ጣውላ ካለ ሥራው ይቁም፤ ለፎርማኑ ይንገሩ።*
> 7. ተቆጣጣሪ፦ የመሸጋገሪያውን ብረት ይዘርጉ። ቢጫው መስመር ከመኪናው ወለል በላይ ይሁን።
> 8. ተቆጣጣሪ፦ አረንጓዴውን ካርድ በሩ ላይ ይስቀሉ።
>
> ነጂ፦ አረንጓዴ ካርድ ከሌለ አይግቡ። በመሀል ቢጫው መስመር ክፍተቱ ላይ ከታየ ይቁሙ፤ ተቆጣጣሪውን ይጥሩ።

ታኮው ከኋላ ጎማዎች ፊት የሆነው መኪናው የሚሸሸው ወደ ፊት ስለሆነ ነው፤ ከኋላ መድረኩ ይዞታል። ይህን ምክንያት ማስታወቂያው ላይ አልጻፍኩም። ለአዲስ ሠራተኛ በቃል ይነገረው፤ ወረቀቱ ላይ ቦታ ይበላል።

አንድ ገደብ አለው። ይህ ማስታወቂያ ጎታቹ ሳይፈታ ለቆመ መኪና ነው። ተሳቢው ብቻውን ተፈትቶ ከቀረ ፎርክሊፍቱ ወደ ውስጥ ጠልቆ ሲገባ አፍንጫው ሊደፋ ይችላል፤ ከፊት ድጋፍ ያስፈልገዋል። ለዚያ ሌላ ማስታወቂያ ጻፉ። «ተሳቢ ከሆነ ደግሞ...» ብላችሁ እዚሁ አትጨምሩ።

5ኛ፦ «ሂድ! ሂድ!»ን ለብቻው ያዙት

የመጨረሻው ጩኸት በጣም አደገኛው ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ሥራው አለቀ ብሎ የተዘናጋበት ሰዓት ላይ ነው የሚባለው። ይህን ከላይኛው ወረቀት ሥር አትቀጥሉት። ለብቻው፣ በአጭሩ፦

> መኪናው ከመሄዱ በፊት
>
> 1. ነጂ፦ ፎርክሊፍቱን ከመኪናው ያውጡ።
> 2. ተቆጣጣሪ፦ አረንጓዴውን ካርድ ያንሱ።
> 3. ተቆጣጣሪ፦ መኪናው ውስጥ ሰው አለመኖሩን በዓይንዎ ያረጋግጡ።
> 4. ተቆጣጣሪ፦ የመሸጋገሪያውን ብረት ያንሱ።
> 5. ተቆጣጣሪ፦ ሁለቱንም ታኮዎች አውጥተው ቦታቸው ላይ ይስቀሉ።
> 6. ተቆጣጣሪ፦ ቁልፉን ለሹፌሩ ይመልሱ።

ቁልፉ መጨረሻ ላይ ያለው ሆን ተብሎ ነው። ከዚህ በኋላ «ሂድ» የሚል ጩኸት አያስፈልግም፤ ሹፌሩ ቁልፉ እጁ ካልገባ መሄድ አይችልም። ሹፌሮች መለዋወጫ ቁልፍ ሊይዙ እንደሚችሉ ግን እወቁ። ታኮው ከብረቱ በኋላ፣ ከቁልፉ ቀደም ብሎ ብቻ የሚወጣው ለዚህ ነው።

6ኛ፦ አፋችሁን ዘግታችሁ ፈትኑት

ረቂቁን ያንን በር ለማያውቅ ሰው ስጡት፤ ከሌላ ክፍል የመጣ ቢሆን ጥሩ ነው። ባዶ መኪና ላይ፣ ፎርክሊፍት ሳይኖር፣ እንደተጻፈው እንዲሠራ ጠይቁት። እናንተ እርሳስ ይዛችሁ ቁሙ። አትርዱት። እጃችሁ እንኳ እንዳያመለክት ኪስ ውስጥ ይግባ።

የቆመበትን ቁጥር ክበቡ። ወረቀቱን ትቶ ሌላ ሰው ያየበትን ቁጥር ሁለቴ ክበቡ፤ እዚያ ቃሉ ሳይሆን አንድ ነገር ጎድሏል። ለምሳሌ «ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ ይቆልፉ» ላይ ዞር ዞር ካለ ሳጥኑ የት እንዳለ አልተናገራችሁም፣ ወይም ሳጥኑ ከበሩ ሩቅ ነው። ሩቅ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩን አታስተካክሉ፤ ሳጥኑን አምጡት። ታኮው መሬት ላይ ተጥሎ ካለም እንዲሁ፦ ከበሩ ጎን መስቀያ ይሠራለት። አንዳንድ ማስታወቂያ የሚስተካከለው በመዶሻ ነው።

ከዚያ ለፎርማኑ አሳዩት። «ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ጥሩ ነው ይላል። «ይህን ብቻ ተከትለው ቢሠሩ እርስዎ በምን ላይ ይጮሃሉ?» በሉት። የሚመልሰው የቀረ ነገር ነው።

7ኛ፦ መለጠፉ

ከማስታወቂያው የሹፌሩ ክፍል ሹፌሩ ሲወርድ በሚያየው ቦታ፣ የተቆጣጣሪው ታኮው ከተሰቀለበት አጠገብ፣ የነጂው ደግሞ ከፎርክሊፍቱ ወንበር ላይ ሆኖ በሚታይ ቦታ ይሁን። ሁሉንም አንድ ግድግዳ ላይ መደርደር ለጎብኚ ያምራል፤ ለሥራ ግን አይሆንም። የፊደሉ ቁመት በ2 ሜትር ርቀት ለሚነበብ 1 ሴንቲ ሜትር፣ በ4 ሜትር ለሚነበብ 2 ሴንቲ ሜትር ብታደርጉት ዓይን አያስቸግርም።

ቀለም ስትመርጡ ሁሉንም ቀይ አታድርጉት። በዓለም አቀፉ ደረጃ አይ.ኤስ.ኦ 7010 መሠረት ቀይ ክብ ከነሰያፉ መስመር ክልከላ ነው፣ ሰማያዊ ክብ ግዴታ፣ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ። ማንበብ ለሚቸግረው ሠራተኛ ከየቁጥሩ ጎን ሥዕል አድርጉ፤ በፈረቃ መጀመሪያም አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው።

ከታች ቀኑንና «ጥያቄ ካለ ፎርማኑን ይጠይቁ» የሚል ጻፉ። አሮጌውን ወረቀት አውልቁ። ሁለት ማስታወቂያ ጎን ለጎን ካለ ሰው የሚቀለውን ይመርጣል።

ፎርማኑስ? መጮሁን አይተውም፤ እንዲተውም አትጠብቁ። ቦታው ጫጫታ ነው፣ ርቀትም አለ። ብቻ ከአሁን ወዲያ ቁጥር ይጩህ። «ታኮውስ የት አለ?» ከማለት «አምስት!» ይበል። ተቆጣጣሪው ወዲያው ያውቃል፣ ሌላው ሰው ቀና አይልም። ቁጥሮቹን ስትቀይሩ መጀመሪያ ለእሱ ንገሩት፤ አለዚያ በአሮጌው ቁጥር ይጮህና ሰዉ ታኮ በማስገባት ፋንታ ወለል ሲያይ ይገኛል። በሳምንት አንዴም የትኛውን ቁጥር ደጋግሞ እንደጮኸ ጠይቁት። ሁልጊዜ «አምስት» ከሆነ መጀመሪያ ታኮዎቹን ሄዳችሁ እዩ፤ ወረቀቱ ሳይሆን ጎማቸው አልቆ የሚንሸራተቱ ታኮዎች ሊሆኑ ይችላሉ።